የሃያ ስምንት ምርቃት

በቤታችን ገበያ የማይላክ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ «እሷን ከላካችኋት የተጠራላትን ከፍላ፣ አመስግና፣ የሻገተውን ተሸክማ ትመጣለች» ትል ነበር። ውሸት የለበትም። መከራከር ያሳፍረኛል። ሻጭ ፊት ቆሜ «ቀንስልኝ» ከምል ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ባረጋግጥ ይቀለኛል። ስለዚህ ሌላው ሰው በስድስት በሰባት ዓመቱ ገበያ ውስጥ የሚለምዳትን አንዲት ቃል እኔ በቅጡ የተማርኳት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያውም ከተማሪዬ።

ቃሏ «ምርቃት» ናት። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚያወርደውን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ በየበዓሉ አንገቴን ደፍቼ ስቀበል ነው ያደግኩት። ነጋዴ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ከላይ ጣል የሚያደርጋትን ጭማሪ ነው። እርግጥ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ግን ቃሉ ሲነሳ ፈጥኖ የሚታየኝ የሽማግሌው እጅ እንጂ የነጋዴው ሚዛን አልነበረም። በዚህ የተነሳ አንዲትን ልጅ ከትምህርቷ ላፈናቅላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሀዋሳ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ካልኩለስ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ። ተማሪዎቼ በየኮሪደሩ ስለሚያወሩት እኔው ቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው። ቁጣዬ እንደ ወተት ነው፤ ግንፍል ይልና ምድጃውን አበላሽቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጠራጊዋም እኔው ነኝ።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ላይ የማልተዋት አንዲት ጥያቄ አለች። «ካልኩሌተር ሳትጠቀሙ፣ በዲፈረንሻል፣ የ28ን ኪዩብ ሩት እስከ አራት የአስርዮሽ ቦታ ገምቱ» ትላለች። ነገሩ ከስሙ ይቀላል። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ በሦስት ሃያ ሰባት፤ ስለዚህ የ27 ኪዩብ ሩት 3 ነው። የ28 ግን እንዲህ ቁጭ ብሎ አይገኝም። ከ3 ጥቂት ያልፋል። ጥያቄዋ ያቺ «ጥቂት» ስንት ናት ነው።

ዘዴው የሰፈር ሰው ዘዴ ነው። የማታውቁትን ቤት ስትፈልጉ ከምታውቁት ቤት ትነሳላችሁ። ጎኑ 3 የሆነ፣ በሁሉም በኩል እኩል የሆነ ሳጥን አስቡ፤ ይዘቱ 27 ነው። ጎኑን በትንሹ ብትጨምሩበት ይዘቱ የዚያን ጭማሪ ሃያ ሰባት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ የሦስት ካሬ ዘጠኝ ነው፣ እሱን በሦስት ማባዛት ነው። ነገሩን ገልብጡት፤ ይዘቱ በ1 ቢጨምር ጎኑ በ1/27 ያህል ይጨምራል። 3 ሲደመር 1/27፤ 3.0370። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ኩርባውን ቀጥ ያለ መስመር ነው ብለን ነው የሄድነው። የኪዩብ ሩት ኩርባ ደግሞ እየሄደ ስለሚለዝብ ቀጥታው መስመር ሁልጊዜ በላዩ ያልፋል፤ ግምታችን በጥቂቱ ይተርፋል። ይህን ክፍል ውስጥ እናገራለሁ። የሚሰማኝ ግን የለም። ተማሪ «በጥቂቱ» የሚል ቃል ሲሰማ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ያን ዓመት ከመቶ የሚበልጥ ወረቀት ነበር። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ አርማለሁ። ከመስኮቱ ውጭ ሁለት አባ ኮዳዎች ሣሩ ላይ ቆመዋል፤ እነዚያ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው ሲቆሙ ፈተና የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። አብዛኛው ተማሪ 3.0370 ብሎ ጽፏል። አንዱ 28ን ለሦስት አካፍሎ 9.33 ብሏል፤ ለሱ ኪዩብ ሩት ማለት ሳጥኑን ለሦስት ወንድማማቾች ማካፈል ነው። ከመልስ ይልቅ ልመና የሚጽፉም አይጠፉም። «ቲቸር፣ ትራንስፖርት አጥቼ ሳላጠና ነው የመጣሁት» የሚል ነበር። የሚኖረው እኮ ግቢው ውስጥ ዶርም ነው።

ከዚያ የሷ ወረቀት መጣ። 3.0366 ይላል።

እጄ ቆመ። ስልኬን አወጣሁና የ28ን ኪዩብ ሩት አስገባሁ፤ 3.03658 እያለ ይቀጥላል። ወደ አራት ቦታ ሲጠጋጋ 3.0366። ስልኬና ልጅቷ በአንድ ቃል ተናገሩ ማለት ነው። ስም ዝርዝሩን አየሁት፤ ፈታኙ በስሟ አጠገብ «ሽንት ቤት ወጥታለች» ብሎ ምልክት አድርጓል። ወተቱ መገንፈል ጀመረ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ቁጥሮች ተሞነጫጭረዋል። ከመሃላቸው አንድ የአማርኛ ቃል ተከብቦ ተቀምጧል፤ «ምርቃት»። ከጎኑ 1/81 የሚል ነገር አለ፤ አየሁት፣ ግን አላነበብኩትም። ቃሉ በቅቶኛል። ይቺ ልጅ መጀመሪያ ትሰርቀኛለች፣ ቀጥላ ትመርቀኛለች አልኩ።

የፈተና ማጭበርበር ሪፖርት የሚደረግበት ፎርም አለ። ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ አይቀበሉም። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሰዓቱ ስምንት ተኩል። ከገባ በኋላ ደግሞ አይወጣም። ኮሚቴ ያየዋል፣ ተማሪው ኤፍ ያገኛል፣ አንድ ዓመት ይታገዳል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ስሟን በሚያምር ጽሑፍ መሙላት ጀመርኩ። ስናደድ ጽሑፌ ያምራል።

ከኔ ጋር ቢሮ የሚጋሩ አንድ አንጋፋ መምህር አሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ በዚያ በሀዋሳ ሙቀት ሹራብ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው አንቺ ልጅ ይሉኛል። ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን አደረገች?»

«ገለበጠች። ከስልክ።»

«በምን አወቅሽ?»

«መልሷ ልክ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልክ ስለሆነች ነው የምትከሻት? እኔ ብዙ ተማሪ ጥያለሁ፤ በስህተቱ ነው የጣልኩት። በልክነቱ የጣልኩት የለም።»

«ጋሼ፣ ልክ መሆን የለባትም። የጠየቅኳት ግምቱን ነው። ግምቱ 3.0370 ነው።»

«አሃ» አሉ። «አንቺ የምትፈልጊው በትክክል የተሳሳተውን ነው።»

እሳቸው ተነስተው መጡና ወረቀቱን በትከሻዬ ላይ አዩት። ጀርባውን ገልብጠው አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠጉት።

«ሌባ ጀርባ ላይ አይደክምም» አሉ። «ከስልክ ለገለበጠው ነገር ማን እርሳስ ይቀርጻል? ጠርተሽ ጠይቂያት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚቀበሉት።»

«ሁለት ሰዓት ተኩል አለሽ። አንቺ ሰው ለመቆጣት አምስት ደቂቃ ይበቃሻል፤ ሌላውን እሷ ትናገርበት።»

የክፍል ተጠሪውን ደውዬ ልጅቷን አስጠራኋት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ቀጭን ልጅ ገባች፤ የኮረሪማ ሽታ አብሯት ገባ። ፈገግ ብላለች። ለካ መልካም ነገር ሊነገራት መስሏታል። ያ ፈገግታ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

«ተቀመጪ። ፈተና ላይ ስልክ ይዘሽ ነበር?»

«አይ ቲቸር፣ በር ላይ አስረክቤያለሁ።»

«ወደ ውጭ ወጥተሻል።»

«አዎ፣ ሽንት ቤት።»

«ምን ልታደርጊ?»

ልጅቷ አየችኝ። ከጋዜጣው ጀርባ ጋሼ ሳል ያዛቸው።

«ለሽንት፣ ቲቸር» አለች በቀስታ።

ያን ጊዜ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ፎርም ሄደ። በተገላቢጦሽ ነበር የምታነበው፤ ግን «ማጭበርበር» የሚለው ቃል በየትኛውም በኩል ቢያነቡት ያው ነው። ፈገግታዋ ሄደ። ሻርፗን አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለችው።

«ቲቸር፣ አባቴ ሱቁን እኔ እንድይዝለት ነበር የሚፈልገው» አለች። «ለምኜው ነው የገባሁት። 'አንደኛ ዓመቱን በደንብ እለፊና ሲቪል ምህንድስና ይድረስሽ፤ ያኔ ሱቁን ለእህትሽ እተወዋለሁ' ብሎኛል። ካልሆነ ግን ቃሌ ነው፣ እመለሳለሁ። ይሄ ከገባ...» አልጨረሰችውም። ጉንጯን ከውስጥ እየነከሰች ነበር፤ እንዳታለቅስ ይመስለኛል።

እኔ እልኸኛ ነኝ። አዘንኩላት፣ ግን ማዘኔን ላሳያት አልፈለግኩም። ሰሌዳውን አሳየኋት። «የ65ን ኪዩብ ሩት አውጪልኝ። እዚሁ፣ ፊቴ።»

65ን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም። 27 ላይ ተንኮል አለ። ሳጥኑም ይዘቱ 27 ነው፣ የሚባዛበትም 27 ነው፤ ሁለቱ ሞክሼዎች ናቸው። ነገሩ ያልገባው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ያልፋል። 64 ላይ ግን ይለያያሉ፤ ይዘቱ 64፣ ጎኑ 4፣ የሚባዛበት ግን ሦስት ጊዜ አሥራ ስድስት፣ 48 ነው። በቃሏ የያዘችው ከሆነ እዚህ ትወድቃለች ብዬ ነው። ይህን ያህል ደግ ነበርኩ።

ጠመኔውን አነሳች። 4 ብላ ጻፈች፣ ሲደመር 1/48። ለ48 ስታካፍል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። 4.0208 ብላ ጻፈች። ትክክል ነው፤ መልሱ ይሄ ነው፣ የምፈልገው ግምት።

«ይኸው» አልኳት። «ፈተናው ላይ እዚህ ማቆም ነበረብሽ። ለምን አላቆምሽም?»

ወደኔ ዞረች። በእውነት ግራ ገብቷታል።

«ምርቃቱስ?» አለች።

«የምን ምርቃት?»

«ያለፈው፣ ቲቸር። እርስዎ ክፍል ውስጥ 'ቀጥታው መስመር በላዩ ያልፋል፣ በጥቂቱ ይተርፋል' ብለዋል።»

ከመቶ ተማሪ አንዷ ሰምታኛለች ማለት ነው። እሷን ነበር የያዝኳት።

ወደ ሰሌዳው ተመለሰችና ያገኘችውን ራሱን መልሳ ሦስት ጊዜ አባዛችው። በአስርዮሹ አልነበረም፤ 4 እና 1/48ን እንደያዘች በክፍልፋይ ነው የሄደችው። መጀመሪያ 64 መጣ፣ ቀጥሎ 1 መጣ። ይኸው 65። ግን ከኋላ ሌላም ተከትሎ መጣ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ የ1/48 ካሬ፣ ሲቃለል 1/192። ከሱም ኋላ አንዲት በጣም ትንሽ ነገር ነበረች፤ እሷን ከጠመኔው አቧራ ጋር ጠረገቻት። 1/192ን ከበበችውና በላዩ «ምርቃት» ብላ ጻፈችበት።

«65 ነበር የምንፈልገው፤ 65 ከ1/192 ሆነብን። ይቺ ትርፍ ናት። እዚህ ጋ ይዘቱ የጎኑን 48 እጥፍ ስለሚሄድ ትርፏን ለ48 አካፍዬ ከጎኑ አነሳታለሁ።» 192 በ48፤ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ምናምን አለች። «ከአሥር ሺህ አንድ ትንሽ ከፍ ትላለች።» 4.0208 ላይ አንዷን አነሳች። 4.0207 ብላ ጻፈችና ጠመኔውን አስቀመጠች።

ስልኬን አነሳሁ። 4.0207። ስልኬ በዚያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ መሰከረ፤ አሁን ግን በኔ ላይ ነው።

ያደረገችው ነገር ገባኝ። ያንኑ ያስተማርኩትን ግምት ሁለት ጊዜ ነው የሠራችው። አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሄዳ፣ ሲያልፍባት በዚያው ዘዴ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሳ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስሙን ጠርቼ ላስተምራቸው የያዝኩት ምዕራፍ ነበር። እሷ አልጠበቀችኝም።

«ይሄን የት ተማርሽው?»

«ሱቅ» አለች። «አባቴ በርበሬ ሲመዝን መጀመሪያ በትልቁ ጭልፋ ያደርጋል። ያልፋል፤ ሁሌም ያልፋል። ከዚያ በማንኪያ ያነሳል። እኔና እህቴ ስንመዝን ትርፉን እንደዚያው ልንተወው ስንል 'ይቺ ምርቃት ናት፤ መጀመሪያ አንሷት፣ ልኩን እዩት፣ ከዚያ ከወደዳችሁ ለገዢዋ መልሱላት' ይለናል። ልኩን ሳታውቂ የጨመርሽው ምርቃት አይደለም ይላል። ስህተት ነው ይላል።»

እዚህ ላይ መሸነፍ ነበረብኝ። ግን ወተት ከገነፈለ በኋላ እንኳ ድስቱ ለጥቂት ጊዜ ይንተከተካል። «ታዲያ ለምን በመልሱ ገጽ ላይ አልጻፍሽውም? ለምን ጀርባ ላይ ደበቅሽው?» አልኳት።

«ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው» አለች። «ምርቃትን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው፣ ቲቸር? ባስብ ባስብ አጣሁት። የአማርኛ ቃል ፊት ለፊት ብጽፍ ደግሞ እርስዎ ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።»

የጋሼ ጋዜጣ ተንቀጠቀጠ።

እኔም አሰብኩ። ምን ይባላል? «ቀሪ» አልኩ በልቤ፤ ቀሪማ አይደለም። «ትርፍ» አልኩ፤ እሱም አይሆንም።

«ፈረንጆቹ ኤረር ነው የሚሉት» አሉ ጋሼ ከጋዜጣው ጀርባ። «እነሱ ስህተት ብለው ያፍሩበታል፤ የኛ ነጋዴ ምርቃት ብሎ ይስቅበታል። አንቺ ደግሞ ፎርም ትሞይበታለሽ።»

ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ በጥያቄዋ ላይ ሙሉ ማርክ ሰጠሁ፤ ወረቀቱንም እንድታይ አዞርኩላት። በኔ ቤት ይቅርታ መጠየቄ ነው። ጋሼ ሳሉ። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩ። እንደገና ሳሉ፤ በዚህኛው ሳል ውስጥ ቃል ነበረበት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት።»

«እሺ ቲቸር» አለችና አንገቷን ደፋች። በር ላይ ስትደርስ ተመለሰች። «አንድ ነገር ግን... ለአባቴ እንዳይሰማ። ተጠርጥሬ እንደነበር ከሰማ ያመዋል። እሱ በሰው ሐቅ ቀልድ አያውቅም፤ ልጁ የሰው ነገር ወሰደች ተብላ ስሟ መነሳቱ ብቻ ይበቃዋል።»

ቃል ገባሁላት። በግማሽ የተሞላው ፎርም አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልቀደድኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው፤ ቁጣዬ ሲነሳ መሳቢያውን እከፍታለሁ። ከጽሑፌ ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤቴ ተነስቼ በባጃጅ ወደ መሃል ከተማ ሄድኩ። በርበሬ አልቆብኛል አልኩ ለራሴ። አላለቀብኝም፤ ድፍን አንድ ማሰሮ ነበረኝ። ያንን ሚዛን ለማየት ነው የሄድኩት።

ባጃጁ ውስጥ ከሾፌሩ ሙዚቃ ጋር እየታገልኩ ነገሩን አሰብኩት። በ3.0370 እና በ3.0366 መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር ሺህ አራት ነው። ዲፈረንሻል የሚያስተምረው እኮ ትንሽ ለውጥ የት እንደምትጠፋና የት እንደምትበዛ ነው። ከይዘት ወደ ጎን ስትሄድ ለ27 ትካፈልና ትጠፋለች፤ ከጎን ወደ ይዘት ስትመለስ በ27 ተባዝታ ትመጣለች። ይህን ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያቺ አራት በልጅቷ ሕይወት ላይ ስትደርስ በስንት እንደምትባዛ ግን ሳልጠይቅ ነበር ፎርም የሞላሁት። በራሴ አፈርኩ። ሾፌሩ «ደርሰናል» ሲለኝ በሁለተኛው ነው የሰማሁት።

ሱቁን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሰፈሩን ከክፍል ተጠሪው ጠይቄ ነበር፣ የቀረውን አብሯት ቢሮዬ በገባው ሽታ ነው የሄድኩት ማለት ይቻላል። ጠባብ ናት። ጆንያዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እርድ፣ ኮረሪማ። አባቷ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አጭር ሰው ናቸው። ጥግ ላይ ቁጥር የሚያሳይ አዲስ ሚዛን አለ፤ እሳቸው ግን ሁለት ሳህን ባለው አሮጌው ነበር የሚመዝኑት። ልጅቷ ከኋላ ከረጢት ትከፍታለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ልናገር የመጣሁ መሰላት። በአይደለም ራሴን ነቀነቅኩላት።

«ግማሽ ኪሎ በርበሬ» አልኩ።

ትልቁ ጭልፋ ወረደ። ሳህኑ ዘቅ አለ፤ አለፈ። አባትየው ምንም አልመሰላቸውም። ማንኪያውን አንስተው ቀነሱ። ሚዛኑ ተወዛወዘ፤ አሁንም በጥቂቱ ያዘነብላል። በማንኪያዋ ጫፍ እንደገና ቀነሱ። ቀጥ አለ። እዚያ ላይ እጃቸውን ሰብስበው፣ ቀጥ ማለቱን እኔ እንዳይ፣ ጥቂት ጠበቁኝ። ካየሁ በኋላ በሦስት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ከላይ ጨመሩበት።

አራት መንፈቅ ባስተምርበት እንዲህ አድርጌ አላስረዳውም ነበር። ሳልከራከር፣ «መርቁልኝ» ሳልል ምርቃት ሲሰጠኝም የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ብታየኝ ትኮራ ነበር፤ ወይም የሻገተ እንደሆነ ታሸት ነበር።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ከረጢቱን እያሰረች፤ «ካልኩለስ የሚያስተምሩኝ መምህርት ናቸው።»

አባትየው ቀጥ ብለው ቆሙ። በበርበሬ የቀላ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉና ደረታቸው ላይ አደረጉት።

«እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «ማታ ማታ ስለ እርስዎ ነው የምታወራልን። 'ቁጡ ናት፣ ግን ታስረዳለች' ትላለች።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ።

«ውሸት ነው እንዴ? ቁጡ ይሻላል፤ ዝም የሚል መምህር ተማሪውን አላየውም ማለት ነው።» ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፈቱ። ነጋዴው ቀርቶ የማውቀው ሽማግሌ መጣ። «አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የሰው ልጅ እንዳቀኑ ልጅዎን ያቅናልዎት። ከሰው ሐቅ ይጠብቅዎት።»

አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሰማው፤ ሦስተኛዋ ስትመጣ ግን ቀና አልኩ። ከሰው ሐቅ። ትናንት በስምንት ሰዓት ተኩል የት ነበረች ይቺ ምርቃት? ከልኬ ያለፈ ነገር እየተሰጠኝ ነው፤ ልኬን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አባትየው ልኩን ሳያዩ እየጨመሩ ነው። በራሳቸው ሕግ ይህ ምርቃት አይደለም፣ ስህተት ነው።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «የለም፣ እኔ እንኳ...»

ልጅቷ ከረጢቱን በመካከላችን ዘረጋችልኝ። ትናንት ቢሮዬ ስትገባ የነበረው ፈገግታ ተመልሷል፤ ከሱ ግን ትንሽ ተንኮል ጨምሮበታል።

«ቲቸር፣ ልኩን አይተነዋል እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይቺን መልሼልዎታለሁ።»

አባትየው ምኑም አልገባቸውም። መዳፋቸውን እንደከፈቱ ይጠብቁኛል።

«አሜን» አልኩ። ከልቤ ነበር።